ከዓረብ ሀገር የተመለሰችን ሴት ለዘጋቢ ፊልም እንዴት እንቀርጻለን?

የመጀመሪያ ፊልሜ ላይ ያለችው ሴት ፊቷ አይታይም። ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ነው የተናገረችው። የፈቃድ ወረቀትም አለ፤ አሻራዋን አድርጋበታለች። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የባሏ ወንድም ስልክ ላይ ደረሰ። በድምጿ አወቃት። ከጎኗ የነበረውን ረከቦትም አወቀው። አሠሪዋ ቤት የደረሰባትን፣ ለእናቷ እንኳን ያልነገረችውን ነገር፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ስትደውልልኝ አልጮኸችም። "እኔ እኮ ለድርጅቱ ቢሮ መስሎኝ ነው" አለችኝ።

ጅማና ዙሪያዋ ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ ሀገር ከሚልኩ አካባቢዎች መካከል ናቸው። ስለዚህ እዚህ ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ቀን ይህን ታሪክ መቅረጹ አይቀርም። ከዚያ ስልክ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። አሁን የምሠራው እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ያለ ካሜራ ሂዱ። ቦርሳውንም ቤት ተዉት። ቡና ከተጠራችሁ ጠጡና ተመለሱ።

ማን እንዳገናኛችሁ አስቡ። የኔ ስህተት የተጀመረው እዚህ ነው። ሴትዮዋን ያገናኘኝ የስፌት መኪና የሰጣት ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ፈቃዷንም የጠየቃት እሱ ነው። መኪናውን ያመጣላትን ሰው እንዴት እምቢ ትበለው? አሁን የሚረዳት ሰው እኔን ከማስተዋወቅ አያልፍም። ፈቃድ የምጠይቀው እኔ ራሴ ነኝ፣ እሱ በሌለበት። "እምቢ ብትይ ከድርጅቱ የምታገኚው አይቀርብሽም" እላታለሁ። ይህን ግን ከድርጅቱ ጋር አስቀድሜ ሳልነጋገር አልናገርም።

አስተርጓሚውም እንዲሁ ነው። በጅማ ብዙ ሴቶች ሐዘናቸውን የሚናገሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛዋ ለገበያ ይበቃል ማለት ለዚህ ይበቃል ማለት አይደለም። ጎረቤት አስተርጓሚ አታድርጉ። ከሌላ ሰፈር የመጣች ሴት ብትሆን ይሻላል።

አሁን ፈቃዱ። ብዙ ሰው ፈቃድ ሲባል ወረቀቱን ያስባል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ወይም የድምፅ ቅጂው ያስፈልጋል። ነገር ግን ወረቀቱ እኔን ነው የሚጠብቀኝ። እሷን የሚጠብቃት መረዳቷ ነው።

ስልኬን አወጣለሁ። የራሴን የድሮ ሥራ ከፍቼ አሳያታለሁ። ስንት ሰው እንዳየው፣ ከሥር ሰዎች ምን እንደጻፉ አነብላታለሁ፤ ስድቡን ጨምሮ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፊቷ ወደ ሌላ ስልክ አወርደዋለሁ። "እኔ ነገ ከዩቲዩብ ባነሳው እንኳን ይሄኛው ስልክ ላይ ይቀራል" እላታለሁ። አብዛኞቹ ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ያ ዝምታ ጥሩ ነው፤ አትሙሉት።

ቀጥሎ እሷ ትንገረኝ። "ገባሽ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም "አዎ" ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ "እህትሽ ዛሬ ማታ ይሄ ሰውዬ ምን ሊሠራ ነው የመጣው ብትልሽ ምን ትያታለሽ?" አንዷ "ለመንግሥት ሊያሳይልኝ ነው" አለችኝ። አልገባትም ማለት ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ሌላዋ "ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያየዋል፣ ጅዳ ያለችው ጓደኛዬም ታየዋለች" አለች። እሷ ገብቷታል። በመጨረሻ "ማን ቢያይብሽ ትፈሪያለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። ያን የመጀመሪያዋን ሴት ይህችን አንዲት ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ የባሏን ወንድም ትጠራልኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቀን ስጧት። በዚያው ሰዓት የተሰጠ እሺታ ብዙ ጊዜ የእንግዳ አክብሮት ነው። ስመለስ እሺ ካለች፣ ማንበብ ለማትችል ሴት በድምፅ እቀዳለሁ። በራሷ ቋንቋና በራሷ አባባል፣ እሷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ እንጀራ ሸጣ የምታድር ሴት ግማሽ ቀን ስትቀመጥልኝ የቀረባትን እከፍላለሁ። መጠኑን አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ መሐል ላይ ብታቋርጥም ትወስደዋለች። "ፊልሙን ያየ ሰው ይረዳሻል" የሚል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ።

ማንነቷን መደበቅ ካስፈለገ ሥራው ካሜራው ላይ ይጨረስ። በኤዲቲንግ የሚደረግ ብለር አልወድም። ፊቷ ያለበት ፋይል ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ዲስክ ደግሞ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ጀርባዋን ለመስኮት አስቀምጡና የካሜራውን ብርሃን በመስኮቱ ልክ አስተካክሉት፤ ፊቷ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቅረጹና ኮምፒውተር ላይ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጉት። አፍንጫዋ ወይም ዓይኗ ብቅ ካለ አልጨለመም ማለት ነው።

ፊቱ ግን ቀላሉ ነው። ዘመድ ሰውን የሚያውቀው በድምፅ ነው። ድምፅን በሶፍትዌር ማወፈር አይበቃም፤ መልሶ ማቅጠን ይቻላል፣ የአነጋገር ዘዬዋም አይለወጥም። የተናገረችውን ሌላ ሴት እንድታነበው አድርጉ፣ ለተመልካቹም ይህንኑ በጽሑፍ ንገሩት። እጇን እዩ፦ ቀለበት፣ ጠባሳ፣ ሂና። ግድግዳውን እዩ። የአጥሩን በር ቀለም እዩ። በስልክ ከቀረጻችሁ ሎኬሽኑን አጥፉ። እኔ ቢቻል በቤቷ አልቀርጽም፤ ሌላ ሰፈር ክፍል እለምናለሁ።

ቀረጻው ላይ ካሜራው ከዓይኗ ከፍታ በላይ አይውጣ። እሷ በርጩማ ላይ ከሆነች እኔም በርጩማ ላይ ነኝ፣ ትራይፖዱም እስከ መጨረሻ ዝቅ ይላል። ቆሞ ከላይ የሚቀርጽ ሰው ማንንም ለማኝ ያስመስላል። ከዛሬ ጀምሩ፦ ምን ትሠራለች፣ በምን ትስቃለች። ወደ ክፉው ቀን መቼ እንደምትገባ እሷ ትወስን፤ ስትጨርስም ወደ ዛሬ መልሷት እንጂ እዚያው ጥላችኋት ካሜራ አትጠቅልሉ። እንባ ሲመጣ ወደ ፊቷ ዙም አታድርጉ። "እስቲ ያንን እንደገና በይልኝ" ማለትም አይሆንም። ማይኩ ቢበላሽ እንኳን ያ ንግግር ይቅር።

ኤዲቲንግ ላይ በእንባ ሥር ዋሽንት መጫን ተለምዷል። እኔ አወጣዋለሁ። ተመልካቹ ሴትዮዋን ትቶ ለዋሽንቱ ያለቅሳል።

ከመለቀቁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አሳዩዋት። ያለቀ ፊልም ሳይሆን ገና ሊቆረጥ የሚችለውን። ባለፈው ዓመት የቀረጽኳት ሴት ላፕቶፑ ፊት ሙሉውን ዝም ብላ አየችው። ስለ አሠሪዋ የተናገረችውን ሁሉ "ይሁን" አለች። አንድ ቦታ ላይ ግን አስቆመችኝ። እናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከኋላቸው የተቀደደው ፍራሽ ይታያል። አራት ሰከንድ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ምስል ነበር።

"ይሄ ይውጣ፤ እማዬ እንግዳ ሲመጣ ሁሌ ታለብሰዋለች" አለችኝ።

እዚያው ፊቷ ቆረጥኩት። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አየነው።