ለብርድ ስታለብሷቸው ከደከመው ክንድ ጀምሩ

አረጋዊ ወላጆች በክረምት አሜሪካ ወይም አውሮፓ ልጆቻቸው ዘንድ ሲመጡ፣ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንገዛላቸው በአንገት የሚጠለቅ ወፍራም ሹራብ ነው። ትከሻው ለደረቀ ሰው ይህ ልብስ ሥቃይ ነው፤ ክንድን ከራስ በላይ ማንሳት ይጠይቃል። ከፊት የሚከፈት ምረጡ። ትንንሾቹን ቁልፎች በቬልክሮ አስቀይሩ፤ በዚፑ መጎተቻ ላይም ጣት የሚያስገባ የጨርቅ ቀለበት እሰሩበት።

ስታለብሷቸው መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። የሚያመው ወይም የደከመው ክንድ አስቀድሞ ይግባ፤ ሲወልቅ ግን መጨረሻ ይውጣ። ክንዱን በፍጹም አትጎትቱ። እጃችሁን በእጅጌው ጫፍ አስገብታችሁ የእርሳቸውን እጅ ያዙና እጅጌውን በቀስታ ወደ ትከሻ ሳቡት። ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶች ይሻላሉ፤ ክፍሉ ሲሞቅ አንዱ ይወልቃል። ብርዱን በጣታቸው አትለኩ፤ ጣት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማጅራታቸውን ወይም ሆዳቸውን ዳስሱ። እነዚያ ከቀዘቀዙ ልብሱ አልበቃም።

ጋቢ ሲቀመጡ ግሩም ነው፤ ሲራመዱ ግን ጫፉ እግር ሥር ይገባል።

ጫማው ተረከዙ የተዘጋ፣ በቬልክሮ የሚታሰር፣ ሶሉ ጎድጎድ ያለ ጎማ ይሁን። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ የክረምቱን ካልሲ አድርገው ይለኩት። የጠበበ ጫማ ደም ስለሚከለክል እግርን ያቀዘቅዛል። በረዶ ግግር ላይ ግን የትኛውም ጎማ አያስተማምንም፤ ክንዳቸውን ያዙ።