የበቆሎ ክምር ስንት ኩንታል ነው? ስሌትና ሚዛን አልገናኝ ሲሉ

ጎጃም ውስጥ በቆሎ ተሰብስቦ መጋዘን ሲገባ ሁሉም ሰው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ስንት ይሆናል?» መኪና ከመጥራት፣ ጆንያ ከመግዛት፣ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት ግምት ያስፈልጋል። ሜትርና ካልኩሌተር ይዞ መገመት ይቻላል። ግን ግምቱ ብዙ ጊዜ ከሚዛኑ ጋር አይገናኝም። ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም፤ በመቶ ኩንታል ይቆጠራል።

ቡሬ አካባቢ ያለ አንድ መጋዘን እናስብ። በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ፣ ደረቅ በቆሎ ተቆልሏል። ክምሩ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጣጣ ነው። ዙሪያው በገመድ ሲለካ 25.1 ሜትር፣ ከፍታው 1.71 ሜትር ሆነ። በዚሁ ክምር ላይ የሚታዩትን ችግሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ምልክት፦ ስሌቱ ከሚዛኑ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም

መጀመሪያ ይዘቱን እናውጣ። ለሾጣጣ ክምር ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦

ዙሪያ × ዙሪያ × ከፍታ ÷ 37.7

25.1 × 25.1 × 1.71 ÷ 37.7 ወደ 28.6 ሜትር ኩብ ይሰጣል። በዙሪያ የምንለካው የክምሩ መሃል ስለማይታይ ነው። ገመድ በእግሩ ዙሪያ ማዞር ግን ማንም ይችላል።

እስከዚህ ችግር የለም። ስህተቱ የሚመጣው ሜትር ኩቡን ወደ ኪሎ ስንቀይር ነው። አንዱ «የበቆሎ እፍጋት» ብሎ ይፈልግና 1250 ኪሎ በሜትር ኩብ የሚል ቁጥር ያገኛል። 28.6ን በ1250 ሲያባዛ 357 ኩንታል ይሆንለታል። ክምሩ በመኪና ሚዛን ሲያልፍ ግን 204 ኩንታል ብቻ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ ይጀመራል። ጫኙ፣ ሾፌሩ፣ ሚዛኑ ሁሉ ይጠረጠራሉ።

የተሰረቀ ነገር የለም። 1250 የፍሬው እፍጋት ነው። አንዷን የበቆሎ ፍሬ ብቻዋን ወስደን ክብደቷን በራሷ ይዘት ብናካፍል የምናገኘው ቁጥር ማለት ነው። ክምር ግን ፍሬ ብቻ አይደለም። በፍሬና በፍሬ መካከል አየር አለ። ደረቅ በቆሎ ውስጥ ይህ ባዶ ቦታ ከጠቅላላው ይዘት 40 በመቶ ገደማ ይይዛል። ለክምርና ለሲሎ የሚያገለግለው የክምር እፍጋት ነው፤ አየሩን ጨምሮ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚናገረው። ለጥሩ ደረቅ በቆሎ ወደ 720፣ ለስንዴ ወደ 770 ኪሎ ነው። ገብስ ከሁለቱም ይቀላል፤ 620 አካባቢ ነው።

ያገኛችሁት ቁጥር የትኛው እንደሆነ በቀላሉ ይለያል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ነው። ለእህል የተሰጠ ቁጥር ከ1000 በላይ ከሆነ የፍሬ እፍጋት ነው፤ ለክምር ስሌት አይሆንም።

ልዩነቱን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ በዘይት ይሞክረው። ልክ የተጻፈበት ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ 500 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጉ። 250 ግራም ደረቅ በቆሎ ጨምሩበትና አረፋውን ለማስወጣት አንቀሳቅሱት። ዘይቱ ወደ 700 ገደማ ከፍ ይላል። 250 ግራም 200 ሚሊ ሊትር ያዘ ማለት ነው፤ ስለዚህ 250 ÷ 200 = 1.25 ነው፤ ማለትም 1250 ኪሎ በሜትር ኩብ። ውሃ አይመረጥም፤ ፍሬው እየጠጣው ልኩን ያበላሻል።

መፍትሄ፦ የራሳችሁን እህል በጀሪካን መዝኑ

720 ጥሩ መነሻ ነው። ግን የእናንተ በቆሎ 690 ወይም 740 ሊሆን ይችላል። ዝርያው፣ እርጥበቱ፣ የቆረቆንዳው ስብርባሪ፣ ነቀዙ ሁሉ ቁጥሩን ይቀይሩታል። ስለዚህ መመዘን ይሻላል። የሚያስፈልገው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሚዛን ነው።

የጀሪካኑን አናት ቆርጣችሁ አፉን እኩል አድርጉ። ሲቆረጥ 20 ሊትር መያዙ ስለሚቀር፣ ስንት እንደሚይዝ ራሳችሁ እወቁ። ባዶውን መዝኑ፤ ከዚያ ውሃ እስከ አፉ ሞልታችሁ መዝኑ። የውሃው ኪሎ ያው ሊትሩ ነው። የእኛው ጀሪካን 18.6 ኪሎ ውሃ ያዘ እንበል።

አሁን አድርቁትና በቆሎ ሙሉበት። ከጥቂት ከፍታ ላይ፣ ሳትቸኩሉ፣ እስኪፈስ ድረስ አፍሱት። ከዚያ በቀጥተኛ እንጨት አፉን ጥረጉት። የበቆሎው ክብደት 13.3 ኪሎ ቢሆን፣ 13.3 ÷ 18.6 = 0.715 ነው፤ ማለትም 715 ኪሎ በሜትር ኩብ። 28.6 × 715 ደግሞ ወደ 20,450 ኪሎ፣ ማለትም 204 ኩንታል ይሰጣል። ስሌትና ሚዛን ተገናኙ።

ናሙናውን ከአንድ ቦታ ብቻ አትዝገኑ። ሲፈስ ስብርባሪና ብናኝ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ሙሉ ፍሬ እየተንከባለለ ወደ እግር ይወርዳል። ከአናት፣ ከወገብና ከእግር እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁ ውሰዱና ደባልቁ።

ምልክት፦ በጀሪካን መዝነናል፣ ግን አሁንም ግምቱ በአሥራ ምናምን ኩንታል ይበልጣል

ጀሪካኑ ተነቅንቋል። እህል ስንሰፍር መነቅነቅና መታ መታ ማድረግ ልማዳችን ነው፤ ገዢ ያስደርጋል፣ ሻጭ ይከለክላል። ለዚህ ሥራ ግን ስህተት ነው። ሲነቀነቅ ፍሬው ይተኛል፣ አየሩ ይቀንሳል። ያው ጀሪካን 14.4 ኪሎ ይይዛል እንበል። እፍጋቱ 774 ይሆናል፤ ክምሩም 221 ኩንታል ይባላል። በነቅናቂው እጅ 17 ኩንታል ተጨመረ። ወለል ላይ የፈሰሰ ክምር ማንም አልነቀነቀውም። ስለዚህ ጀሪካኑም እንደ ክምሩ ልል መሆን አለበት።

ምልክት፦ ግምቱ በጭራሽ የማይታመን ሆነ፤ 500 ኩንታል አለፈ

እዚህ ላይ እፍጋቱን ተዉትና ከፍታውን ተጠራጠሩ። ብዙ ሰው ሜትሩን ከክምሩ እግር ጀምሮ ጎኑን ይዞ እስከ አናቱ ይዘረጋዋል። እሱ ዳገቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። በእኛ ክምር ዳገቱ 4.35 ሜትር ነው። በ1.71 ፈንታ እሱ ሲገባ ክምሩ ከ500 ኩንታል በላይ ይሆናል።

ከፍታን በቀጥታ መለካት ይሻላል። ቀጭን ፌሮ ከአናቱ ወለል እስኪነካ ቀጥ አድርጎ መስደድ ይቻላል። ካልሆነ ከክምሩ ውጪ እንጨት አቁሙና በግንበኛ ውሃ ልክ ከአናቱ ጋር እኩል የሆነውን ነጥብ ፈልጉ። ከዳገቱ ተነስቶ በሂሳብ ማውጣትም ይቻላል፤ ግን አልመክርም። የክምሩ ግማሽ ስፋት፣ ማለትም ዙሪያው ÷ 6.28፣ 4 ሜትር ሆኖ በዳገቱ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ብንሳሳት፣ ከፍታው ከ1.71 ወደ 1.83 ይዘላል። ይህ 7 በመቶ ነው።

መቆጣጠሪያም አለው። ደረቅ በቆሎ በራሱ ሲፈስ ከፍታው ከግማሽ ስፋቱ 0.4 እስከ 0.5 እጅ ያህል ነው። የእኛ 1.71 ÷ 4 ወደ 0.43 ነው፤ ጤነኛ ነው። ወደ 1 ከተጠጋ ዳገት ለክታችኋል ማለት ነው።

ክምሩ ግድግዳ ከተደገፈስ? ግማሽ ሾጣጣ ነው። የለካችሁትን ዙሪያ በሁለት አባዝታችሁ እንደ ሙሉ ክምር አስሉና ውጤቱን ለሁለት ክፈሉ። ጥግ ላይ ከፈሰሰ ዙሪያውን በአራት አባዙ፣ ውጤቱን ለአራት ክፈሉ።

ምልክት፦ ሲሎው «እስከዚህ ሞልቷል» ተብሎ ሲወጣ ግን በመቶዎች ኩንታል ጎደለ

በሲሎ ትልቁ ስህተት አናቱን አለማየት ነው። ዙሪያው 22 ሜትር የሆነ ክብ የብረት ሲሎ እንውሰድ። የወለሉ ስፋት 38.5 ሜትር ካሬ ነው። እህሉ ግድግዳው ላይ የሚነካው በ6 ሜትር ከፍታ ነው። ጠፍጣፋ ቢሆን 231 ሜትር ኩብ፣ በ715 ሲባዛ ወደ 1650 ኩንታል ነው።

ግን እህል ጠፍጣፋ አይተኛም። ከላይ ሲሞላ መሃሉ ላይ 1.5 ሜትር ያህል ሾጣጣ ይሠራል። የሾጣጣው ይዘት የወለል ስፋት × የሾጣጣው ከፍታ ÷ 3 ነው፤ ወደ 19 ሜትር ኩብ። ይጨመራል። ከሥር ሲወጣ ደግሞ መሃሉ ይሰምጥና ማንቆርቆሪያ አፍ ይመስላል፤ ያኔ ያው 19 ሜትር ኩብ ይቀነሳል። ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት አንድ ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ወደ 275 ኩንታል ልዩነት አለ። ስለዚህ በላይኛው በር ሆናችሁ መሃሉንም ጠርዙንም በገመድ ለኩ። ለመለካት ብላችሁ ግን ወደ ውስጥ አትግቡ። እህሉ ከሥር እየወጣ ከሆነ ሰውን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይውጣል፤ የነቀዝ መድኃኒት ተደርጎበት ከሆነም ጋዙ ይገድላል።

የሲሎ እህል በራሱ ክብደት ከሥር ይታመቃል። ረጅም ሲሎ ውስጥ የጀሪካኑ 715 በጥቂት በመቶ ከእውነቱ ያንሳል። መዝገብ ካላችሁ መልሱ በእጃችሁ ነው። በሚዛን ተመዝኖ የገባውን ኪሎ፣ ለክታችሁ ባገኛችሁት ሜትር ኩብ አካፍሉ። የሚገኘው የሲሎው የራሱ እፍጋት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ለተመሳሳይ እህል ከጀሪካኑ ይልቅ እሱን ያዙ።

ምልክት፦ ግምቱ ያኔ ትክክል ነበር፣ በሚያዝያ ግን ሚዛኑ ቀነሰ

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ውሃ ነው። 204 ኩንታሉ ሲገባ እርጥበቱ 18 በመቶ ቢሆንና ወደ 13 ቢደርቅ፣ 204 × 82 ÷ 87 ወደ 192 ኩንታል ይሆናል። 12 ኩንታል ውሃ አየር ላይ ሄደ። ደረቁ እህል ግን አንድም ፍሬ አልጎደለም። ስለዚህ ግምት ስትጽፉ እርጥበቱን አብራችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ነቀዝ ነው። ነቀዝ ፍሬውን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ የክምሩ ቅርጽ ግን ብዙም አይለወጥም። ሜትሩ ያው 28.6 ሜትር ኩብ ሊል ይችላል። ያው ጀሪካን ግን በታህሳስ ከያዘው ያነሰ ኪሎ ይይዛል። እርጥበቱ ሳይጨምር የጀሪካኑ ኪሎ ከቀነሰ፣ ስሌቱን ትታችሁ እህሉን በወንፊት ንፉትና ዱቄቱን እዩ።

ገንዘብ የሚከፈልበት ከሆነ ግን ክምሩ በሚዛን ይለፍ። በጥንቃቄ የተለካ ክምር እንኳ 5 በመቶ ወዲህ ወዲያ ቢል አይገርምም፤ በእኛ 204 ኩንታል ላይ ይህ ወደ 10 ኩንታል ነው።