የባንክ ስቴትመንቱ ከመዝገባችሁ ሲበልጥ

ቲን ቁጥር እንዳላችሁና ገቢያችሁን እንደምትመዘግቡ ቆጥሬ ልጀምር። ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆነው በኦንላይን የሚሠሩ ልጆች ሐምሌ ሲገባ፣ ግብር የማሳወቂያው ጊዜ ሲደርስ፣ ይዘውት የሚመጡት ችግር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ መዝገቡ አንድ ድምር ይላል፣ የባንክ ስቴትመንቱ ሌላ።

ምክንያቱ የቤተሰብ ገንዘብ ነው። እኛ አካባቢ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሐዋላውም ባንክ ደብተር ባለው ልጅ ስም ይመጣል። አንድ የኮምቦልቻ ዲዛይነር የደንበኞቹ ክፍያም፣ እህቱ ከጅዳ ለእናታቸው ቤት ማደሻ የላከችው ብርም በአንድ አካውንት ይገባለት ነበር። ስቴትመንቱ ላይ ሁለቱም ከውጭ የመጣ ገንዘብ ናቸው። ሐዋላው የሥራ ገቢ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ራሱ ግብር ከፋዩ ነው፤ እሱ ግን አንድም ወረቀት አላስቀመጠም። ባንክ ሄዶ የእያንዳንዱን ሐዋላ ማስረጃ እየለመነ ሲያወጣ ከረመ።

መፍትሄው ለሥራ ብቻ ሌላ አካውንት መክፈት ነው። እስከዚያው እያንዳንዱ ገንዘብ በገባበት ቀን «ከማን፣ ለምን» ብላችሁ ጻፉ፤ የሐዋላውንም ወረቀት ያዙ። በዓመቱ መጨረሻ አስታውሳለሁ አትበሉ፣ ማንም አያስታውስም።

አካውንቱ ተለይቶም ድምሩ ካልገጠመ፣ የጻፋችሁት የተጣራውን ነው ወይስ ሙሉውን? ደንበኛው 400 ዶላር ከፈለ እንበል። ሥራውን ያገኛችሁበት የኦንላይን መድረክ 40 ቆረጠ፣ ማስተላለፊያ 5 ሄደ፤ 355 ደረሳችሁ። ባንኩ በ120 ብር ከመነዘረው እጃችሁ የገባው 42,600 ብር ነው። መዝገቡ ላይ ግን ገቢ 48,000፣ ወጪ 5,400 ተብሎ ይጻፍ። የተጣራውን ብቻ ከጻፋችሁ የሽያጫችሁ መጠን ከእውነቱ ያንሳል፣ የመድረኩም ሪፖርት አይገጥምም። የኮሚሽኑን ደረሰኝ ከመድረኩ በየወሩ አውርዱ፤ የመድረኩ አካውንታችሁ ድንገት ቢዘጋ አታገኙትም።

ምንዛሪውን ከራሳችሁ አታውጡ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዋጋው በገበያ ስለሚወሰን ካለፈው ወር የቀዳችሁት አይሠራም። ባንኩ በሰጣችሁ ወረቀት ላይ ያለውን፣ የዚያን ቀን ጻፉ። የጥቁር ገበያ ዋጋ ደግሞ መዝገብ ላይ ጨርሶ አይገባም!

የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፤ በገዛችሁበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ዋናውን ግን አትጣሉ። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚል ኮምፒውተር ሻጭ የቀነሰላችሁን በግብር ታጡታላችሁና እንቢ በሉት። ላፕቶፕ በአንድ ዓመት ሙሉ ወጪ ሆኖ አይያዝም፣ በእርጅና ቅናሽ ዋጋው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ነው። የቤት ኢንተርኔት ቤተሰቡም ከተጠቀመበት የሥራውን ድርሻ ብቻ ያዙ።

ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቁጠሩ። ሰኔ 29 የተከፈላችሁ ገንዘብ ባንክ የደረሰው ሐምሌ 3 ከሆነ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፤ አለመግጠሙ ከዚህም ይመጣል።