ለአንድ አንቀጽ የሚዘጋጅ ሩብሪክ፦ ከትምህርቱ ዓላማ የሚያርቁን ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ የሚበዙት አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። ባለፈው ዓመት ምክንያት አስረጂ አንቀጽ አስተማርኩና የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ ርእሱ «ቡና ሲለቀም ለምን ቀዩ ብቻ ይለቀማል?» የሚል ነበር። ወረቀቶቹን አርሜ ስጨርስ ውጤቱ ካስተማርኩት ነገር ጋር እንደማይገናኝ አየሁ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ ነጥብ የሰጠሁበት መስፈርት፣ ብዙዎቻችን ሩብሪክ የምንለው ሠንጠረዥ ነበር የተበላሸው። ከዚያ ወዲህ የለየኋቸውን ስህተቶች ከነማስተካከያቸው እነሆ።

የድርሰት ሩብሪክን ለአንድ አንቀጽ መዋስ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ። በእጄ የነበረው ሩብሪክ ለረጅም ድርሰት የተዘጋጀ ሲሆን አምስት መስፈርቶች ነበሩት፦ ይዘት፣ አደረጃጀት፣ የቃላት አመራረጥ፣ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ፣ የእጅ ጽሑፍ። እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ፣ ድምሩ አሥር። ሲያዩት የተሟላ ይመስላል። ከሁለት ተማሪዎች ወረቀት ጋር ሲገናኝ ግን ጉዱ ይወጣል።

የመጀመሪያው ተማሪ እንዲህ ጻፈ፦

«ቡና በጣም ጠቃሚ ተክል ነው። ጅማ በቡና የታወቀች ከተማ ናት። ቀይ ቡና መልቀም ጥሩ ነው። አረንጓዴውን መልቀም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሁላችንም ቀዩን ቡና መልቀም አለብን።»

ሁለተኛዋ ተማሪ ደግሞ እንዲህ፦

«ቡና ሲለቀም ቀዩ ብቻ መለቀም አለበት። ምክኒያቱም የአረንጓዴው ጣእም ጥሩ አይደለም። ደሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲሰጡ እኩል አይደርቁም፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እርጥብ ይሆንና ይሸግታል። በዚህ የተነሳ ነጋዴው ዋጋ ይቀንስብናል።»

የመጀመሪያው ወረቀት ፊደሉ የተጣራ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ነው። በይዘት አንድ፣ በአደረጃጀት አንድ፣ በቀሩት ሦስቱ ሁለት ሁለት አግኝቶ ስምንት ሞላ። የሁለተኛዋ «ምክኒያቱም»፣ «ደሞ»ና «ይሸግታል» የፊደሉን ሁለት ነጥብ ሙሉ በሙሉ አሳጧት፤ ከቃላት አመራረጥና ከእጅ ጽሑፍም አንድ አንድ ተቀነሰባት፤ ስድስት አገኘች። ያስተማርኩት ግን ምክንያት ማቅረብንና ማብራራትን ነበር። የመጀመሪያው አንድም ምክንያት አልሰጠም፤ «ጥሩ ነው»፣ «ጥሩ አይደለም» ብሎ ርእሱን መልሶ ነገረኝ። ሁለተኛዋ ደግሞ እኩል አለመድረቅ ሻጋታን፣ ሻጋታ የዋጋ መውደቅን እንዴት እንደሚያስከትል ደረጃ በደረጃ አስረድታለች። ትምህርቱን የተማረችው እርሷ ሆና ሳለ ውጤቱ ለእርሱ ሆነ።

ለአንድ አንቀጽ ሦስት መስፈርት ይበቃል፤ ሦስቱም ከዕለቱ የትምህርት ዓላማዎች በቀጥታ መውጣት አለባቸው። የእኔ ዓላማዎች ሦስት ነበሩ፦ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘ ኃይለ ቃል መጻፍ፣ ሁለት ምክንያቶችን አቅርቦ ማብራራት፣ ምክንያትና ውጤትን በአያያዥ ቃላት ማገናኘት። ነጥቡም ለትምህርቱ በሰጠሁት ጊዜ ልክ መከፋፈል ነበረበት። ኃይለ ቃልን ቀደም ባለው ሳምንት ስለተማሩ የከለስኩት በአምስት ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ክፍለ ጊዜ የሄደው በምክንያት ማብራራት ላይ ነበር። ስለዚህ ለኃይለ ቃል ሁለት፣ ለምክንያትና ማብራሪያ ስድስት፣ ለአያያዥ ቃላት ሁለት አደረግሁት። በዚህ መስፈርት የመጀመሪያው ተማሪ ሁለት፣ ሁለተኛዋ ስምንት አገኙ። እንዴት እንደደረስኩበት ከታች አሳያለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ ፊደሉን መቼ ሊማሩ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የፊደል ስህተቱን በቀይ አስምሬበት ትክክለኛውን ከላይ ጽፌ እመልሳለሁ፤ ነጥብ ግን አልቀንስበትም። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ የዕለቱ ዓላማ በሆኑበት ቀን የራሳቸው መስፈርት ይኖራቸዋል። በቤቱ የሚነገረው ሌላ ቋንቋ የሆነን ልጅ በየወረቀቱ በፊደል መቅጣት ያልተማረውን መመዘን ነው።

ዓላማውን «ይረዳሉ» ብሎ ጽፎ ሩብሪክ መፈለግ

በዕለት ዕቅዳችን ላይ «ተማሪዎች ስለ አንቀጽ ምንነት ይረዳሉ» የሚል ዓላማ ጽፈን ከሆነ የትኛውም ሩብሪክ ከእርሱ ጋር ሊገጥም አይችልም። መረዳት ወረቀት ላይ አይታይም። ዓላማውን ወረቀት ላይ ሊታይ በሚችል ግስ መልሰው ይጻፉት፦ ይጽፋሉ፣ ያብራራሉ፣ ያገናኛሉ። ሠንጠረዡን ከመንካትዎ በፊት ይህን ያስተካክሉ። ዓላማው ሲስተካከል የመስፈርቱ ግማሽ ሥራ ተሠርቶ ያገኙታል።

ደረጃዎችን በቅጽል መሙላት

«በጣም ጥሩ ምክንያት»፣ «ጥሩ ምክንያት»፣ «መካከለኛ ምክንያት»፣ «ደካማ ምክንያት»። በዚህ የተሞላ ሠንጠረዥ ለአራሚው ምንም አይነግረውም፤ ማታ ደክሞት የሚያርመው ወረቀትና ጠዋት የሚያርመው ወረቀት በተለያየ ሚዛን ይመዘናሉ። ተማሪውም «ጥሩ» ተብሎ ከ«በጣም ጥሩ» ምን እንደጎደለው አያውቅም። ደረጃው መናገር ያለበት ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚታይ ነው። ለምክንያትና ማብራሪያ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ ይህን መሰለ፦

ስድስት ነጥብ፦ ሁለት ምክንያቶች ቀርበዋል፤ ሁለቱም «እንዴት?» ወይም «ከዚያስ ምን ይሆናል?» ለሚል ጥያቄ መልስ በሚሰጥ ማብራሪያ ተደግፈዋል።

አራት ነጥብ፦ ሁለት ምክንያቶች ቀርበዋል፤ የተብራራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሁለት ነጥብ፦ አንድ ምክንያት ብቻ ቀርቦ ተብራርቷል፤ ወይም ምክንያቶች ያለ ማብራሪያ ተዘርዝረዋል።

ዜሮ፦ ምክንያት የለም፤ ኃይለ ቃሉ በሌላ አነጋገር ተደግሟል።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች ይመለሱ። ሁለተኛዋ ተማሪ ሁለት ምክንያቶች አሏት፤ የጣዕሙን ጠቅሳ አለፈችው፣ የአደራረቁን አብራራችው፤ አራት ነጥብ። ኃይለ ቃሏ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግልጽ ነው፤ ሁለት። አያያዥ ቃላቷም በትክክል ምክንያትን ከውጤት ያገናኛሉ፤ ሁለት። ስምንት ሞላ። ሁለት ነጥብ የጎደላት ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ መልሱ ሠንጠረዡ ላይ ተጽፏል፦ አረንጓዴው ቡና ጣዕሙ የሚበላሸው ሳይበስል ስለተለቀመ መሆኑን አላስረዳችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጨምር አሥር ነበረች። የመጀመሪያው ተማሪ ደግሞ ዋናውን ሐሳብ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አምጥቶታልና በኃይለ ቃል አንድ፣ በምክንያት ዜሮ፣ «ስለዚህ»ን የሚያገናኘው ምክንያት ሳይኖር ስለተጠቀመበት በአያያዥ አንድ አገኘ።

ቅጽልን የሸሸ መምህር ብዙ ጊዜ ቁጥር ላይ ይወድቃል። «ለእያንዳንዱ ምክንያት ሁለት ነጥብ» ብዬ የሞከርኩበት ጊዜ ነበር። ተማሪዎቹ ወዲያው ገባቸው፤ አምስት ምክንያት በአምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ደርድረው መጡ፤ አንዱም አልተብራራም። ቁጥሩ ዝቅተኛውን ወሰን ብቻ ያመልክት፤ ደረጃዎቹን የሚለያያቸው ማብራሪያው ነው።

ሠንጠረዡ ላይ ያልተጻፈ መስፈርት በድብቅ መመዘን

ይህን ለማየት ጊዜ ወስዶብኛል። ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ የመጡ፣ ቤተሰባቸው ቡና የሚያለማ ልጆች ስለ ለቀማና ስለ ማድረቂያ አልጋ ሊነግሩኝ የሚችሉት ብዙ ነው። እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ያደጉት ግን ቡናን የሚያውቁት ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተፈልቶ ነው። አንቀጻቸው የደረቀው ማብራራት ስላቃታቸው ሳይሆን የሚያብራሩት ስለሌላቸው ነበር። ሩብሪኬ ስለ ቡና ዕውቀት አንድም ቃል አይልም፤ ነጥቡ ግን በተዘዋዋሪ የሚሰጠው ለእርሱ ነበር።

ሁለት መፍትሔ አለው። አንደኛው ከመጻፋቸው በፊት ለሁሉም እኩል መረጃ መስጠት ነው። ያልበሰለ ፍሬ አፍ የሚይዝ ጣዕም እንዳለው፣ የበሰለና ያልበሰለ ፍሬ ተቀላቅሎ ሲሰጣ እኩል እንደማይደርቅ፣ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አፈርና እርጥበት እንደሚስብ፣ አልጋ ላይ ሲሰጣ ግን አየር ከሥሩ እንደሚያልፍ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የሚለያዩት በማብራራት ችሎታቸው ነው። ሁለተኛው ሁሉም የሚያውቀውን ርእስ መምረጥ ነው፤ ለምሳሌ ጅማ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ለመድረስ ለምን እንደሚዘገይ። ስለዚያ ጭቃና ዝናብ የማያውቅ ልጅ የለኝም።

አንዱን ጉድለት ሁለት ቦታ መቅጣት

ምክንያት ያልጻፈ ተማሪ የሚያያይዘው ነገር ስለሌለው በአያያዥ ቃላት መስፈርትም መውደቁ አይቀርም። ለዚህ ነው የአያያዥ ነጥቡን ዝቅ ያደረግሁት፣ ቃሉን የሞከረም አንድ እንዲያገኝ የተውኩት። ሁለት መስፈርቶች ሁልጊዜ አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ የሚሉ ከሆነ አንዱን ይሰርዙት።

ሳይሞክሩ ማረም መጀመር

ከስልሳ በላይ ወረቀት ከተቆለለ በኋላ ሩብሪኩ ሲሰነጠቅ መጠገን አይቻልም፤ ሠላሳኛው ወረቀት ላይ ሕጉን ከለወጡ ያለፉትን ሃያ ዘጠኝ እንደገና ማረም ይኖርብዎታል። እኔ አሁን አምስት ወረቀት እመርጣለሁ፤ ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ የሚመስሉ እንዲቀላቀሉበት አደርጋለሁ። ነጥብ ሳልጽፍባቸው ለአንድ ባልደረባዬ ከሠንጠረዡ ጋር እሰጠዋለሁ፤ እርሱ ለብቻው፣ እኔም ለብቻዬ እናርማለን። በአንድ ደረጃ ከተለያየን የሠንጠረዡ አጻጻፍ ነው የሚታረመው።

በመጨረሻው ሙከራ አራቱ ላይ ተስማማን። አምስተኛው ላይ እኔ ሁለት፣ እርሱ አራት ሰጠን። ተማሪው «አረንጓዴው ይሻግታል፤ በሻጋታውም ይበላሻል» ብሎ ጽፎ ሁለተኛ ምክንያቱን «አረንጓዴው ቡና ተበላሽቶ ይጣላል» ብሎታል። ባልደረባዬ ሁለት ምክንያት ቆጠረ፤ እኔ አንዱን ሁለት ጊዜ የተነገረ ምክንያት አየሁ። ሁለታችንም በሠንጠረዡ መሠረት ልክ ነበርን፤ ሠንጠረዡ ስለ ድግግሞሽ አልተናገረምና። ከአራት ነጥቡ ሥር አንድ መስመር ጨመርን፦ «ሁለተኛው ምክንያት የመጀመሪያው ውጤት ወይም ድግግሞሽ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራል።» ለተማሪው ሁለት ጻፍንለት፤ አዲሷንም መስመር የቀሩት ተማሪዎች እንዲያዩአት፣ ወረቀት ከመመለሴ በፊት ሰሌዳ ላይ አሰፈርኳት።