ባዶ ቦታ ገዝተው ሊያስቀምጡ ነው? እነዚህን ስህተቶች ይጠንቀቁ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ፋብሪካ ሲበዛባት ብዙ ሰው «አሁን 200 ካሬ ልያዝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እሸጠዋለሁ» ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የሚያሳዝነው ብዙዎች ምን እንደገዙ ሳያውቁ መክፈላቸው ነው።

አንደኛው ስህተት ከከተማው ዳር ከገበሬ መግዛት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ባለይዞታ አያደርግዎትም። ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ለልማት ቢወሰድ፣ በመዝገብ ላይ ያለው የገበሬው ስም ነው። ቤት ቢሠሩበት ጨረቃ ቤት ተብሎ ይፈርሳል። ቦታው የረከሰውም ለዚሁ ነው።

ሌላው ደላላ ያሳየዎትን የካርታ ፎቶ ኮፒ ማመን ነው። ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፋይሉ ይውጣ ይበሉ። ስሙ፣ ስፋቱና አዋሳኙ ከካርታው ጋር አንድ ነው? ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ፣ የባንክ ዋስትና ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት? በፕላኑ ላይ መንገድ አያልፍበትም? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ካልፈረመ ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ሲሸጥ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ባዶ ቦታ ይዞ ማትረፍን ሆን ብሎ ይከለክላል። እንበል አንድ ሰው በሊዝ ጨረታ 200 ካሬ በካሬ 3,000 ብር አሸነፈ። ጠቅላላው 600,000 ብር ነው፤ ቅድሚያ 10 በመቶውን፣ 60,000 ብር ከፈለ። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ማስተላለፍ ቢፈልግ፣ ሽያጩ በከተማው አስተዳደር ቁጥጥር ይካሄዳል። እሱ የሚወስደው የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። የተረፈው ለአስተዳደሩ ይገባል።

ይህን ለመሸሽ ነው «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ሁሉም በእጅህ ነው» የሚባለው። እባክዎን አይቀበሉ። ካርታው በሻጩ ስም ይቆያል። ሻጩ ሐሳቡን ቀይሮ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚደራደሩት ከወራሾች ጋር ነው። መልሰው ሲሸጡም የሚመጣው ገዢ ይህንኑ ያያል። ወይ ይሄዳል፣ ወይ ዋጋውን ይሰብረዋል።

ነባር ይዞታ ነው ቢባሉም አይዘናጉ። ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ያ ክፍያ የእርስዎ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት «ግማሽ ግንባታ» የሚባለው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቁ። እዚያ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ብረት፣ ሲሚንቶና የእጅ ዋጋ በቦታው ዋጋ ላይ ይደምሩት። ያ ገንዘብ ከሌለዎት ቦታውን ይተዉት።