ባዶ ቦታውን ይሞላል፣ አንቀጽ ግን አይጽፍም

ችግሩ። አምስተኛ ክፍል፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ «ክረምትን የምወደው ______ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ ______። በተጨማሪም ______።» ብላ ጻፈች። ሁሉም ሞሉ፣ ሁሉም ራይት አገኙ። በማግስቱ «ስለ ገበያ አንድ አንቀጽ ጻፉ» ስትላቸው ግን ግማሹ እስክሪብቶ መንከስ ጀመረ።

ምክንያቱ። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ (1934 እ.ኤ.አ. ሞተ) ልጅ ብቻውን በሚሠራውና በሰው እገዛ በሚሠራው መካከል ያለውን ርቀት «የቅርብ ዕድገት ክልል» ይለዋል። ትምህርት የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከክልሉ በታች ነበር። የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ኃይለ ቃሉን፣ ቅደም ተከተሉንም መምህሯ ጨርሳዋለች፣ ለልጆቹ የቀረው ቃል ማቀበል ብቻ ነው። በማግስቱ ደግሞ ድጋፉ ሁሉ በአንዴ ተነሣ።

መፍትሄው። መጀመሪያ ብቻውን ይጻፍ። አንዱ ልጅ እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ገበያ ቅዳሜ ነው። ሽንኩርት ርካሽ ነው። ፍየል አለ። ፀሐይ ነው። ድንችም ከሱቅ ይረክሳል።»

ዓረፍተ ነገር አላነሰውም። የጎደለው ኃይለ ቃል ነው። ስለዚህ እሱን አትስጡት፣ ጠይቁት።

«ስለ አንድ ነገር የሚያወሩት የትኞቹ ናቸው?»
ሽንኩርቱንና ድንቹን ያሰምራል።
«ስለ ምን ነው የሚያወሩት?»
«ስለ ዋጋ።»
«እሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በለኝ።»
«ቅዳሜ ገበያ አትክልት ይረክሳል።»
«ፍየሏስ?»
ራሱ ይሰርዛታል።

ጥያቄው ካልሠራ ሁለት ኃይለ ቃል ሰጥታችሁ አስመርጡት። ያም ካልሆነ አንዱን አብራችሁት ጻፉ። ድጋፍን እንዲህ እየለኩ መስጠት (ስካፎልዲንግ) ስሙን ያገኘው ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ በ1976 እ.ኤ.አ. ካወጡት ጥናት ነው። ዉድ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ ልጁ ሲያቅተው እገዛውን አንድ ደረጃ ጨምር፣ ሲሳካለት አንድ ደረጃ ቀንስ። አስተማሪዎች የሚረሱት ሁለተኛውን ነው። በሚቀጥለው አንቀጽ «ስለ ምን ነው?» ብቻ ጠይቁት። ከዚያ ጥያቄውን ደብተሩ ዳር ጽፎ ራሱን ይጠይቅ። ከዚያ ምንም።

የሁሉም አንቀጽ በ«በመጀመሪያ» ከጀመረ ባዶ ቦታ የሚሞላበት ቅጽ ከሚገባው በላይ ቆይቷል። አያያዥ ቃላቱን ቀድማችሁ ከቅጹ አውጡ።

ምንም እገዛ ካላንቀሳቀሰው አንቀጽ ገና ከክልሉ በላይ ነው። ምናልባት የሚታገለው ከፊደሉ ጋር ነው። በቃል ይንገራችሁ፣ እናንተ ጻፉለት፣ እሱ ዓረፍተ ነገሮቹን ያደራጅ።

ክፍሉ ስድሳ ልጅ ከሆነ ለእያንዳንዱ መድረስ አይታሰብም። ቪጎትስኪም እገዛው ከሚሻል ጓደኛ ሊመጣ እንደሚችል ጽፏል። ትንሽ ከሚሻለው ጋር አጣምሩት፤ በጣም ጎበዙ ቶሎ ጨርሶ ይሰጠዋል። ጓደኛው ይጠይቅ እንጂ እስክሪብቶውን አይንካ።