የበር አላርም ጥያቄን ወደ እውነት ሰንጠረዥ ስንቀይር የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ጥያቄው ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦ «አንድ ሱቅ አላርም አለው። ባለሱቁ የጥበቃውን ቁልፍ ካበራ በኋላ በሩ ወይም መስኮቱ ከተከፈተ ደወሉ ይጮኻል። የእውነት ሰንጠረዡን ሥሩ።» ቀላል ይመስላል። ስህተቱ ግን የመጀመሪያዋ 0 ሳትጻፍ ይጀምራል።

«1» ምን ማለት እንደሆነ ሳይወስኑ መነሳት

በር ላይ የሚገጠመው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ በማግኔት የሚሠራ ነው። ማግኔቱ በመዝጊያው ላይ፣ ትንሿ ማብሪያ ደግሞ በመቃኑ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ሲዘጋ ማግኔቱ ይቀርባትና ማብሪያዋ ትገጥማለች። ታዲያ የተዘጋ በር 1 ነው ወይስ 0? የሚወስነው የሽቦው አዘረጋግ ነው። ማብሪያዋ ከ5 ቮልት ጋር ተያይዛ የንባቡ መስመር በሬዚስተር ወደ ግራውንድ ከወረደ፣ የተዘጋ በር 1 ይሰጣል። ማብሪያዋ ከግራውንድ ጋር ሆና ሬዚስተሩ ከ5 ቮልት ጋር ከተያያዘ ግን የተዘጋ በር 0 ይሆናል።

ስለዚህ «B ማለት በር» ብሎ መጻፍ ምንም አልነገረንም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል፦ A=1 ቁልፉ ሲበራ፣ B=1 በሩ ሲከፈት፣ C=1 መስኮቱ ሲከፈት፣ Y=1 ደወሉ ሲጮኽ። ጥያቄው «ሴንሰሩ በሩ ሲዘጋ 1 ይሰጣል» ካለ፣ የሴንሰሩ ንባብ በB ቦታ ተገልብጦ ወደ ቀመሩ ይገባል። ይህን ያልጻፈ ተማሪ ሰንጠረዡን እያጋመሰ ሳለ ትርጉሙን ሳያውቀው ይቀይራል፤ ከላይ ያሉት ረድፎች በአንድ ትርጉም፣ ከታች ያሉት በሌላ ይሞላሉ። ከላይ በጻፍነው ትርጉም ትክክለኛው ሰንጠረዥ ይህ ነው፦

```
A B C | Y
0 0 0 | 0
0 0 1 | 0
0 1 0 | 0
0 1 1 | 0
1 0 0 | 0
1 0 1 | 1
1 1 0 | 1
1 1 1 | 1
```

ረድፎቹን በትዝታ መደርደርም አንዱን ለመዝለል ያጋልጣል። የC ዓምድ በየረድፉ፣ የB በየ2፣ የA በየ4 ረድፍ ይቀያየር፤ 8ቱም ይሞላሉ።

«ወይም»ን «አንዱ ብቻ» ብሎ መረዳት

የመጨረሻው ረድፍ ላይ 0 የሚጽፉ አሉ። «ሻይ ወይስ ቡና?» ሲባል አንዱን መምረጥ ስለለመድን ነው። እዚህ ግን በሩም መስኮቱም ከተከፈቱ ደወሉ ዝም ይበል ማለት ይሆናል። ጥያቄው «ከሁለቱ አንዱ ብቻ» ካላለ በስተቀር 111 ላይ 1 ይጻፋል።

ቅንፉን መርሳት

ትክክለኛው ቀመር Y = A·(B + C) ነው፤ እዚህ · «እና»፣ + ደግሞ «ወይም» ማለት ነው። ቅንፉ ሲረሳ Y = A·B + C ይሆንና 001 እና 011 ረድፎች ወደ 1 ይቀየራሉ። ትርጉሙ ምንድን ነው? ባለሱቁ ቁልፉን አጥፍቶ እየሠራ ሳለ ለአየር መስኮት ቢከፍት ደወሉ ይጮኻል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ A=0 የሆኑትን 4 ረድፎች ብቻ ተመልከቱ። በዚህ ጥያቄ ሁሉም 0 መሆን አለባቸው።

«ካልተዘጉ» የሚለውን በጥድፊያ ማለፍ

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ችግሩም የሂሳብ ሳይሆን የቋንቋ ነው። ጥያቄው «ቁልፉ በርቶ በሩና መስኮቱ ካልተዘጉ ደወሉ ይጮኻል» ቢል፣ አማርኛው ሁለት መንገድ ይነበባል። አንዱ፦ ሁለቱም ክፍት ከሆኑ፤ ይህ A·B·C ነው። ሌላው፦ ሁለቱም ተዘግተው ካልተገኙ፣ ማለትም ቢያንስ አንዱ ክፍት ከሆነ፤ ይህ A·(B + C) ነው። ልዩነቱ ያለው 101 እና 110 ላይ ብቻ ነው። ለሌባ አንድ መግቢያ ስለሚበቃው፣ ለአላርም ሁለተኛው ንባብ ይስማማል። ቢሆንም የመረጣችሁትን ንባብ ከሰንጠረዡ በላይ በአንድ መስመር ጻፉት፤ አራሚው ቀመሩን ከየት እንዳመጣችሁት ያያል። «በሩም መስኮቱም ክፍት ከሆኑ» ቢል ግን አሻሚነት የለውም፤ ሁለቱም ማለት ነው።

ጊዜን በሰንጠረዡ ውስጥ ለማስገባት መሞከር

«ደወሉ አንዴ ከጮኸ ቁልፉ እስኪጠፋ አይቆምም» የሚል ሐረግ ከተጨመረ በሦስት ግቤት አይሠራም። 100 የሚለውን ረድፍ ተመልከቱ፦ ቁልፉ በርቷል፣ በሩም መስኮቱም ተዘግተዋል። ከዚያ በፊት የተከፈተ ነገር ከሌለ Y=0 ነው፤ ሌባው ገብቶ በሩን ከኋላው ዘግቶ ከሆነ ግን Y=1 መሆን አለበት። አንድ ረድፍ ሁለት መልስ ሊይዝ አይችልም። አንድ ረድፍ ላይ እንዲህ ከተወዛገባችሁ የጎደለ ግቤት አለ ማለት ነው። እዚህ የጎደለው ደወሉ ቀድሞ የነበረበት ሁኔታ ነው። Q ብላችሁ ጨምሩት፤ ረድፎቹ 16 ይሆናሉ፣ ቀመሩም Y = A·(B + C + Q)። ያን ጊዜ 1000 ላይ 0፣ 1001 ላይ 1 ይገባል።